«አያሸንፍም» ብሎ ማስያዝ

ጥያቄ፦ ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ «እኔ እንደ ቤቱ ሆኜ ነው የማስይዘው» ይለኛል። እኛ እዚህ መካነ ኢየሱስ ከምንቆርጠው ትኬት በምን ይለያል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናንተ ጋ ኦዱን የሚያወጣው ቤቱ ነው፤ ትርፉም እዚያው ኦዱ ውስጥ አለ። እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ውጤቶች 1.85 ቢሰጥና በየጎኑ 100 ብር ቢገባለት፣ 185 ከፍሎ 15 ያስቀራል።

እንግሊዝ ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቤትፌር ልውውጥ ግን ተወራራጆችን እርስ በርስ ያገናኛል። አንተ አርሰናል ያሸንፋል ብለህ በ3.0 ኦድ 100 ፓውንድ ስታስይዝ («ባክ»)፣ ሌላው አያሸንፍም ብሎ («ሌይ») 200 ያስይዛል። አቻ ከወጡም የሚበላው እሱ ነው። ኮሚሽኑ 5 በመቶ ቢሆን ከአሸናፊው ትርፍ ላይ ብቻ ይቆረጣል፤ ካሸነፍክ ትርፍህ 190፣ እሱ ካሸነፈ 95 ነው።

የአክስትህን ልጅ የምሰጋለት እዚህ ላይ ነው፦ በ8.0 ኦድ ሌይ ካደረገ 100 ለማግኘት 700 አደጋ ላይ ይጥላል።

ሌላው ችግር ተጋጣሚ ማጣት ነው። ብዙ ሰው በማይከታተለው ጨዋታ ከኦዱ ሥር የሚታየው ገንዘብ 40 ብቻ ከሆነ፣ ካስያዝከው 100 ውስጥ 40ው ብቻ ይያዛል። ቀሪው ሌላ ሰው ካልመጣለት ውርርድ ሳይሆን ይመለሳል። ቤቱ ግን ትኬትህን ወዲያው ይቆርጥልሃል።