ፎቶግራፍ ከተነሣ የጉባኤ ፖስተር አጭር ንግግር ስለ ማዘጋጀት

የልማት ሠራተኞች ከምርምር ጉባኤ ሲመለሱ የፖስተር ሰሌዳዎችን በስልካቸው አንሥተው ይመጣሉ። ይህን በማኅበር ስብሰባ ላይ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ግን አድማጭን ያሰለቻል። በዚህ ጽሑፍ ከሰሌዳዎቹ አጭር ንግግር እንዴት እንደሚወጣ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን። ምሳሌው አየር በማያስገባ ከረጢት ስለሚቀመጥ በቆሎ የሚናገር ፖስተር ነው። ቁጥሮቹን ለትምህርት ያህል ሰጥተናል።

በመጀመሪያ ፖስተሩ በሙሉ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰሌዳ ለብቻው ከፊት ለፊት ይነሣል። ከቦታው ሳይለቁ ፎቶግራፉን አጉልቶ ከግራፉ ሥር ያለው ደቃቅ ጽሑፍ መነበቡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በደበዘዘ ፎቶግራፍ 3 እና 8 ይመሳሰላሉ፤ በግልጽ ያልተነበበ ቁጥር በግምት አይጻፍም።

ንግግሩን መጻፍ የሚጀመረው ከመግቢያው ሳይሆን ከውጤቱ ሰሌዳ ነው። በእኛ ምሳሌ ግራፉ ከስድስት ወር በኋላ በተራ ጆንያ 30፣ አየር በማያስገባው ከረጢት 4 ከመቶ ያሳያል። ከመቶ ምን? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «የተበሳ ፍሬ» ተብሏል። እንግዲህ ከተቆጠሩ 100 ፍሬዎች 30ዎቹ ተበስተዋል ማለት እንጂ ከኩንታሉ 30 ኪሎ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ የተበሳ ፍሬ ከክብደቱ ብዙው ሊቀርለት ይችላልና። እኛም አንድ ጊዜ ይህን ሳንለይ ተናግረን፣ እህሉን በየወሩ የሚመዝን አንድ ገበሬ ተነሥቶ ቢጠይቀን መልስ አጥተናል።

ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ችግሩ ለእርሱ በሚበቃ መጠን ብቻ ይጻፋል። በመግቢያው ላይ ስለ ገበያ ዋጋ የተጻፈው ይቅር። ከአሠራሩ ሰሌዳ ግን የእህሉ ድርቀት፣ ማለትም እርጥበቱ ከመቶ 13 ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆኑ፣ ፈጽሞ አይተውም። እርጥብ በቆሎ በታሸገ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል።

ንግግሩ እንዲህ ይሆናል፦

ችግሩ። «በጆንያ ያስቀመጥነውን በቆሎ ነቀዝ እየበሳ ይጨርሰናል።»

የተሠራው። «በደንብ የደረቀ በቆሎ ግማሹ በተራ ጆንያ፣ ግማሹ አየር በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ስድስት ወር ተቀመጠ። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ነቀዝ የሚተነፍሰውን አየር ራሱ ስለሚጨርሰው ታፍኖ ይሞታል።»

ውጤቱ። «ከ100 ፍሬ በጆንያው 30፣ በከረጢቱ 4 ተበስቶ ተገኘ። ከረጢቱ ከተቀደደ ወይም እህሉ ካልደረቀ ግን ይህ ውጤት አይገኝም።»

ይህ ሲነበብ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የግራፉ ፎቶግራፍ ውጤቱ ሲነገር ብቻ ይታይ፤ ቀድሞ ከታየ አድማጩ ግራፉን ሲመለከት አሠራሩን አይሰማም። የቀረው ጊዜ ለጥያቄ ነው። ስለ ከረጢቱ ዋጋ መጠየቁ ስለማይቀር፣ ፖስተሩ ባይጠቅሰውም በአካባቢው የሚሸጥበትን ዋጋ አስቀድሞ ጠይቆ መያዝ ይገባል።