የጌም ሲግናል በድምፅ ሪሲቨር በኩል ሲያልፍ

ሪሲቨር ሲባል በሀገራችን ብዙ ሰው የሚያስበው የሳተላይቱን ሣጥን ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምናገርለት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የሥዕልና የድምፅ ሲግናል አንድ ላይ ተቀብሎ ድምፁን በራሱ አምፕሊፋየር አጉልቶ ለአምስት ወይም ለሰባት ስፒከር የሚያከፋፍል፥ ሥዕሉን ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን የሚያሳልፍ መሣሪያ ነው። ጥያቄውም፥ የጌም ማጫወቻ በዚህ መሣሪያ በኩል ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ሥዕሉ አንዳንድ ነገር የሚጎድለው ስለምንድን ነው? የሚል ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚጎድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፍጥነት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ጌሙ ከፈቀደለት በሴኮንድ እስከ 120 ሥዕል መላክ ይችላል፤ ሲጎድል ግን ወደ 60 ይወርዳል። ሁለተኛው ኤችዲአር የሚባለው ነው። በዚህ አላላክ የእያንዳንዱ ቀለም መጠን በ256 ደረጃ መሆኑ ቀርቶ በ1024 ደረጃ ይከፈላል፤ የብርሃኑም ጣሪያ ከፍ ይላል። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮና በጥላው ሥር ያለው ሰው በአንድ ሥዕል ላይ ሁለቱም ጎልተው እንዲታዩ የሚያደርገው ይህ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ማባዛት ያስፈልጋል። አንድ የ4ኬ ሥዕል በወርዱ 3840፥ በቁመቱ 2160 ነጥብ አለው። በገመዱ ላይ ግን በሥዕሉ ዙሪያ ያለው የማይታይ ባዶ ቦታም አብሮ ስለሚቆጠር ልኩ 4400 በ2250፥ ማለት 9,900,000 ነጥብ ይሆናል። ይህ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲላክ 594 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ተራ ሥዕል ለአንድ ነጥብ 24 ቢት ይፈልጋል፤ ለቀይ 8፥ ለአረንጓዴ 8፥ ለሰማያዊ 8። ስናባዛው በሴኮንድ 14.26 ጊጋቢት እናገኛለን። የኤችዲኤምአይ 2.0 አላላክ ደግሞ እያንዳንዱን 8 ቢት በ10 ቢት ጠቅልሎ ስለሚልክ ድምሩ 17.82 ይደርሳል። የዚያ ደረጃ ወሰን 18 ነው፤ እንግዲህ ተራው ሥዕል እንኳ ጠርዙ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ኤችዲአር ሲጨመር ለእያንዳንዱ ቀለም 10 ቢት ያስፈልጋልና ድምሩ 22.28 ሆኖ ከወሰኑ ያልፋል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ብልሃት ያለበት ነው። ዐይናችን ከቀለም ልዩነት ይልቅ የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ያያል። ስለዚህ የብርሃኑ መጠን ለእያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው፥ ቀለሙ ግን ለሁለት ሁለት ነጥብ በጋራ ይላካል። በስክሪኑ ላይ YUV422 ተብሎ የሚጻፈው ይህ ሲሆን ጭነቱን መልሶ ወደ 24 ቢት ያወርደዋል። 120 ሥዕል ሲፈለግ ግን ሁሉም ነገር እጥፍ ነው፤ በYUV422 እንኳ ሳይጠቀለል 28.5 ጊጋቢት፥ ሲጠቀለል ወደ 32 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 እስከ 48 ጊጋቢት የሚያደርሰው እንዲህ ያለውን ጭነት እንዲሸከም ነው።

ምናልባት አንባቢ፥ ሪሲቨሩ ጠባብ ከሆነ ሥዕሉ በውስጡ ሲያልፍ ይበላሻል ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ቴሌቪዥን የሚችለውን የሚናገርበት ኢዲአይዲ የሚባል አጭር መታወቂያ አለው። ማጫወቻው ሥዕል ከመላኩ በፊት ይህን መታወቂያ ያነባል። በመካከል ሪሲቨር ሲገባ ግን የቴሌቪዥኑን መታወቂያ የሚያነበው ሪሲቨሩ ነው፤ ራሱ የማይችለውን ወይም እንዳይችል ተደርጎ የተዘጋውን ሰርዞ የቀረውን ለማጫወቻው ያቀርባል። ማጫወቻውም ከቴሌቪዥኑ ጋር በቀጥታ ስለማይነጋገር የተሰረዘውን ነገር አያውቀውም። እንግዲህ የጎደለው ነገር በመንገድ ላይ የጠፋ ሳይሆን ከመነሻው ያልተላከ ነው። ሥዕሉም ጥርት ብሎ፥ ሳይቆራረጥ ስለሚታይ ብዙ ሰው እንደጎደለ እንኳ አያውቅም።

በሰፈራችን ካለው የጌም ቤት ያየሁትን ላስረዳ። ባለቤቱ፥ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው፥ 120 ሥዕል ያሳያል ተብሎ የተሸጠላቸው ቴሌቪዥንና በሁለተኛ እጅ የተገዛ ሪሲቨር ነበራቸው። ልጆቹ ሥዕሉ እንደ ድሮው ነው፥ ቀለሙም የደበዘዘ ነው ሲሏቸው ተናደዱ።

«ቴሌቪዥኑ ነው ያታለለኝ፤ ሽጬው ሌላ እገዛለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፥ ከመሸጥዎ በፊት አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አልኳቸው።

በመጀመሪያ ሪሲቨሩን ከመካከል አውጥቼ ማጫወቻውን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር፥ ከማጫወቻው ጋር በመጣው ገመድ አገናኘሁት። ይህ ከሁሉ መቅደም ያለበት ነው፤ መለኪያ የሚሆነው እርሱ ነውና። ከዚያም በSettings፥ Screen and Video፥ Video Output ገብቼ Video Output Information የሚለውን ገጽ ከፈትሁ። ይህ ገጽ ሁለት ነገር ይናገራል፦ አሁን እየተላከ ያለውን ሲግናልና የተገናኘው መሣሪያ እችላለሁ ብሎ ያስታወቀውን። የማውጫው ገጽ ብዙውን ጊዜ በ60 ስለሚሠራ 120 መፈለግ ያለበት በሁለተኛው ክፍል ነው። በዚያም 3840 በ2160 በ120 ሄርዝ ተጽፎ አገኘሁት፤ ኤችዲአርም ነበረ። ቴሌቪዥኑ ንጹሕ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ባይገኝ ኖሮ መጀመሪያ የምፈትሸው የቴሌቪዥኑን የራሱን ማስተካከያ ነበር፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው የሚከፈት ፈቃድ አላቸው። በሳምሰንግ Input Signal Plus የሚባለው ይህ ነው።

ቀጥሎ ሪሲቨሩን መለስሁትና ያንኑ ገጽ ከፈትሁ። 120 ጠፍቷል፤ ኤችዲአርም የለም፤ የቀለሙ ዓይነት YUV420 ይላል። ይህ ከYUV422 የባሰ ቁጠባ ነው፤ ቀለሙ ለአራት ነጥብ በጋራ ይላካል። እንዲህ ያለ ገጽ ሲታይ ሪሲቨሩ በዝቅተኛው ማስታወቂያ ላይ መቀመጡ ይገመታል። በሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ 4K/8K Signal Format የሚል መስመር ነበረ፤ ምርጫውም Standard፥ Enhanced፥ 8K Enhanced የሚሉ ሦስት ናቸው። የቆመው በStandard ላይ ነበር። ፋብሪካዎች ዝቅ አድርገው የሚልኩት ያረጁ መሣሪያዎች ከፍተኛውን መታወቂያ ሲያነቡ ስለሚደናገሩ ነው፤ ለእኔ ግን ቢያንስ ከሣጥኑ ላይ በትልቁ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ይመስለኛል።

ወደ Enhanced ሳዞረው ኤችዲአር ተመለሰ፤ የቀለሙም ዓይነት YUV422 ሆነ፤ ፍጥነቱ ግን 60 እንደሆነ ቀረ። ከላይ ካሰላነው ጋር ልክ የሚስማማ ነው፤ 18 ጊጋቢት የሚሸከመው ይህን ያህል ነው። ወደ 8K Enhanced ሳዞረውም 120 አልመጣም። ከኋላ ብመለከት ገመዱ የተሰካው 8K የሚል ጽሑፍ ከሌለበት ቀዳዳ ነው። በዚያ ሪሲቨር ከገቢዎቹ ሁሉ 2.1 የሆነው አንዱ ብቻ ነበር፤ ማስተካከያው የሌሎቹን ተፈጥሮ አይለውጥም። ገመዱን ወደዚያ ባዛውረው 120 ተጻፈ።

ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ጌሙ በ120 ሲጀመር በየጥቂት ደቂቃው ስክሪኑ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ጥቁር ሆኖ ይመለስ ጀመር። ይህ ከመታወቂያ ጉድለት የተለየ ምልክት ነው። መታወቂያ ሲጎድል ሥዕሉ ዝቅ ብሎ ግን ጸንቶ ይቆያል፤ ጥቁር እያለ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሲግናሉ ተልኮ በትክክል አልደረሰም። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሪሲቨር ሲገባ ገመዶቹ ሁለት ናቸው፥ ሁለቱም ሙሉውን ጭነት መሸከም አለባቸው። ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ በግድግዳው ላይ የተዘረጋው የቆየ ገመድ ነበር። ሁለቱን ገመዶች ቦታ አለዋወጥኋቸው፤ መጥቆሩም ቀርቶ አልቀረም፥ ነገር ግን ሁለቱም መሣሪያ ሳይለወጥ የቆየውን ገመድ ብቻ ባወጣሁ ጊዜ ፈጽሞ ቆመ። ጋሼም Ultra High Speed የሚል የፈተና ምልክት ያለበት የ3 ሜትር ገመድ ገዙ። ቴሌቪዥኑም ሳይሸጥ ቀረ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሪሲቨሩ ራሱ ጉድለት ያለበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡ አንዳንድ የዴኖን፥ የማራንትዝና የያማሃ ሪሲቨሮች ከኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 4ኬ በ120 ከኤችዲአር ጋር ሲላክላቸው ስክሪኑ ጥቁር ይሆን ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በዴኖኖቹና በማራንትዞቹ ያልፍ ነበር። ምክንያቱ በሒሳባችን ይታያል፤ ኤክስቦክሱ ሙሉውን ቀለም በ10 ቢት ሲልክ ጭነቱ 40 ጊጋቢት ይሆናል፤ ፕሌይስቴሽኑ ግን በ32 ላይ ይቆማል። ጉድለቱ በውስጡ ባለው ቺፕ ስለነበረ በማስተካከያ የሚድን አልነበረም። ዴኖንና ማራንትዝ በገመዱ መካከል የሚገባ አነስተኛ ሣጥን በነፃ ሰጡ፤ ያማሃ የውስጡን ሰሌዳ ለመለወጥ ተስማማ። በዚያ ዘመን የተሠራ ሪሲቨር በሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ይህ መደረጉን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ 2.0 ከሆነ ምን ይደረጋል? በእርሱ በኩል 4ኬ በ60 ከኤችዲአር ጋር ያልፋል፤ ወይም ወደ 1080 ወርዶ በ120 ይላካል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ግን አይገኙም። እኔ የምመርጠው ማጫወቻውን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ድምፁን ብቻ በኢአርክ ወደ ሪሲቨሩ መመለስ ነው። ሥዕሉ ሪሲቨሩን ስለማይነካው ምንም አይጎድልበትም። ለዚህ ግን ሪሲቨሩም ቴሌቪዥኑም ኢአርክ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ የቀድሞው አርክ ያልታመቀውን የሰባት ስፒከር ድምፅ መሸከም አይችልም። አንዳንድ ቴሌቪዥንም ኢአርክ እያለው የድምፅ ማስተካከያው ካልተነካ ድምፁን ወደ ሁለት ስፒከር አጥፎ ይልካል፤ ይህም በሪሲቨሩ ፊት ባለው መስኮት ላይ የሚገባው የድምፅ ዓይነት ሲነበብ ወዲያው ይታወቃል።