የቀይ ወጥ የወጪ ሰንጠረዥ፦ የክብደት ጉድለት፣ የአንድ ሰው ድርሻ ወጪና የምግብ ዝርዝር ዋጋ በኮዬ ፈጬ ዓይነት ምግብ ቤቶች

መግቢያ

ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ አቅጣጫ የተገነባ ሰፊ የጋራ መኖሪያ ሠፈር ሲሆን የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የቤት ዕጣ ከወጣባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በመዲናዋ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ምድር ቤት ለንግድ በተለዩት ክፍሎች ውስጥ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይከፈታሉ። እነዚህ ምግብ ቤቶች ለዋጋ ጠንቃቃ የሆነ የሠፈር ደንበኛን ያስተናግዳሉ፤ ግብዓታቸውንም ከከተማዋ የጅምላ ገበያዎች ርቀው ይገዛሉ። በመሆኑም በአንድ ሳህን ወጪ ላይ የሚፈጸም የስሌት ስሕተት በዋጋ ጭማሪ በቀላሉ ሊሸፈን አይችልም።

ይህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመረምራል፤ ይኸውም ተገዝቶ ወደ ማዕድ ቤት የገባው ክብደት በሳህን ከሚቀርበው ክብደት ጋር እኩል ሳይሆን ሲቀር የአንድ ሰው ድርሻ ወጪ እንዴት ይሰላል የሚለው ነው። ለማሳያነት የተመረጠው ወጥ የሥጋ ቀይ ወጥ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ዋና ግብዓቶቹ፣ ሥጋና ቀይ ሽንኩርት፣ በዝግጅትና በማብሰል ሂደት ከፍተኛ ክብደት ያጣሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት ዋጋዎችና ክብደቶች የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት የተወሰዱ ክብ ቁጥሮች እንጂ የገበያ ጥናት ውጤቶች አይደሉም። እያንዳንዱ ምግብ ቤት በራሱ ሚዛን ባገኘው ቁጥር ሊተካቸው ይገባል።

የግብዓት ወጪ

በሰንጠረዡ የሚመዘገበው ዋጋ የገበያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ማዕድ ቤት እስኪደርስ ድረስ የወጣበት ጠቅላላ ዋጋ ነው። የማጓጓዣና የተሸካሚ ክፍያ በሌላ መዝገብ ከተጻፈ የግብዓቱ እውነተኛ ዋጋ ይደበቃል።

| ግብዓት | የተገዛ መጠን | የአንዱ ዋጋ (ብር) | ወጪ (ብር) |
|---|---|---|---|
| የበሬ ሥጋ | 6 ኪ.ግ. | 800 | 4,800 |
| ቀይ ሽንኩርት | 5 ኪ.ግ. | 80 | 400 |
| በርበሬ | 0.5 ኪ.ግ. | 700 | 350 |
| ዘይት | 1 ሊትር | 280 | 280 |
| የተነጠረ ቅቤ | 0.25 ኪ.ግ. | 1,000 | 250 |
| ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል | 0.3 ኪ.ግ. | 400 | 120 |
| ጨውና መከለሻ | | | 30 |
| ድምር | | | 6,230 |

ሁለት ዓይነት ጉድለት

የመጀመሪያው ጉድለት በማጽዳት ጊዜ የሚከሰት ነው። ከሥጋው ጅማት፣ ሞራና የማይፈለግ ክፍል ሲወጣ፣ ከ6 ኪሎ ግራም 4.8 ኪሎ ግራም ይቀራል እንበል። ቀሪ ምጣኔው 80 በመቶ ነው። ስለዚህ በ800 ብር የተገዛው ኪሎ ከጸዳ በኋላ 1,000 ብር ያወጣል። ሽንኩርቱም ተልጦና የበሰበሰው ተለይቶ ከ5 ኪሎ ግራም 4.5 ኪሎ ግራም ይቀራል። በክረምት እርጥበት የነካው ሽንኩርት ብልሽቱ ስለሚጨምር ይህ ምጣኔ በየወቅቱ እንደገና መለካት አለበት።

ሁለተኛው ጉድለት በማብሰል ጊዜ የሚመጣ ነው። ሽንኩርት አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ስለሆነ ቁሌቱ እስኪወፍር ድረስ ሲቁላላ በብዛት ይቀንሳል። በዚህ ምሳሌ 4.5 ኪሎ ግራሙ ወደ 1.8 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ሥጋው ደግሞ ሲበስል ፈሳሹን ስለሚለቅ ከ4.8 ኪሎ ግራም 3.36 ኪሎ ግራም ይቀራል። ከግዥ እስከ ሳህን ሲታይ የሥጋው ጠቅላላ ቀሪ ምጣኔ 56 በመቶ፣ የሽንኩርቱ ደግሞ 36 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ለወጥ ልዩ የሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጥብስ ሥጋው የሚያጣው ፈሳሽ በአብዛኛው በእንፋሎት ይጠፋል፤ በወጥ ግን ከፊሉ እዚያው መረቁ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሥጋውን የማብሰል ጉድለት በዋጋው ላይ ካሳረፉ በኋላ፣ እንደገና በድስቱ የመጨረሻ ክብደት ወጪውን ማካፈል አንዱን ጉድለት ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። ትክክለኛው አካሄድ ጠቅላላ ወጪውን እንዳለ ይዞ፣ የማከፋፈያው ቁጥር ብቻ ከበሰለው ድስት እንዲገኝ ማድረግ ነው። የሥጋው የተናጠል ቀሪ ምጣኔ የሚያገለግለው በእያንዳንዱ ሳህን ስንት ግራም ሥጋ እንደሚደርስ ለማወቅና የሥጋ አቅራቢዎችን ለማወዳደር ነው።

የአንድ ሰው ድርሻ ወጪ

ባዶው ድስት አስቀድሞ ይመዘናል፤ ወጡ እንደ ወጣም ከነድስቱ ይመዘንና ልዩነቱ ይወሰዳል። በምሳሌው የተጣራው ወጥ 9 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ጭልፋ 200 ግራም እንዲይዝ ከተወሰነ ድስቱ 45 ሰው ያበላል። ነገር ግን ለቅምሻ የሚወጣው፣ በድስቱ ግድግዳ የሚቀረውና ሞልቶ የሚጨለፈው ሲቀነስ በተግባር የተሸጠው 42 ድርሻ ቢሆን፣ የወጡ ወጪ ለአንድ ሰው 6,230 ለ42 ተካፍሎ 148.33 ብር ይሆናል። እያንዳንዱ ሳህንም 80 ግራም ያህል የበሰለ ሥጋ ይደርሰዋል። በዚህ ላይ ሁለት እንጀራ በ25 ብር ሒሳብ 50 ብር፣ ለናፕኪን 1.67 ብር ሲጨመር የሳህኑ ወጪ 200 ብር ነው።

ይህንኑ ድስት በጥሬ ክብደት ያሰላ ባለቤት ምን ያገኛል? የጥሬ ግብዓቶቹ ክብደት በአንድ ላይ ወደ 13 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በ200 ግራም ሲካፈል 65 ድርሻ ስለሚመስል የወጡ ወጪ 95.85 ብር፣ የሳህኑም 147.52 ብር ይሆናል። ስሕተቱ በእያንዳንዱ ሳህን ከ52 ብር ይበልጣል። በሽሮ ላይ ግን ስሕተቱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል፤ ዱቄቱ ውኃ ስለሚይዝ የበሰለው ከጥሬው ይበዛል፣ በጥሬ ክብደት የተሰላ ሽሮም ከእውነተኛው ወጪ በላይ ይገመታል። በዚህ የተነሣ አንድ ምግብ ቤት ሥጋውን አርክሶ፣ ሽሮውን አስወድዶ ሊሸጥና ደንበኛውን ራሱ ብዙም ወደማያተርፍበት ምግብ ሊመራ ይችላል።

ከወጪ ወደ ዝርዝር ዋጋ

ምግብ ቤቱ የምግብ ወጪው ከሽያጩ 40 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ እንበል። ዋጋው የሚገኘው ወጪውን ለ0.40 በማካፈል ነው፤ 200 ለ0.40 ሲካፈል 500 ብር ይመጣል። ቀሪው 300 ብር ትርፍ ሳይሆን ኪራይን፣ ደመወዝን፣ ማገዶንና መብራትን የሚሸከም ህዳግ ነው። በዚህ ደረጃ ወጪ ላይ የሚደረግ ጭማሪና ከዋጋ የሚቀር ህዳግ ሲምታቱ ይታያል። በ200 ብር ላይ 60 በመቶ መጨመር 320 ብር ይሰጣል፤ የህዳጉ ድርሻ ግን 60 ሳይሆን 37.5 በመቶ ብቻ ነው።

ሌላው ወጥመድ ግብር ነው። ምግብ ቤቱ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶው የምግብ ቤቱ ገቢ አይደለም። 500 ብር ከታክስ በፊት ከሆነ ደንበኛው የሚከፍለው 575 ብር ነው። በዝርዝሩ የተጻፈው 500 ብር ታክስን ያካተተ ከሆነ ግን ለምግብ ቤቱ የሚቀረው 434.78 ብር፣ የምግብ ወጪ ምጣኔውም 46 በመቶ ይሆናል።

የሁለቱ ስሕተቶች ጥምረት የሚያስከትለው ጉዳት በምሳሌው ግልጽ ነው። በጥሬ ክብደት ያሰላው ባለቤት 147.52ን ለ0.40 አካፍሎ ዋጋውን 370 ብር ያደርጋል፤ ከየሳህኑም 222 ብር ያህል እንደሚቀረው ያምናል። ዋጋው ታክስን ያካተተ ከሆነ በእውነቱ የሚቀረው 321.74 ሲቀነስ 200፣ ማለትም 121.74 ብር ነው። በ42 ሳህን ሲባዛ ልዩነቱ በአንድ ድስት ከ4,200 ብር ይበልጣል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ምግቡ እየተሸጠ የኪራዩ ገንዘብ ሲጎድል ነው።

ዋጋ መጨመር በማይቻልበት ጊዜ

የሠፈሩ ደንበኛ 500 ብር የማይከፍል ከሆነ ሰንጠረዡ የትኛው ግብዓት መነካት እንዳለበት ያሳያል። ከ6,230 ብር ውስጥ የሥጋው ድርሻ 77 በመቶ ነው። የሽንኩርት ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር የአንድ ሰው ድርሻ ወጪ በ9.52 ብር ያድጋል፤ የሥጋ ዋጋ በ10 በመቶ ብቻ ቢጨምር ግን በ11.43 ብር ያድጋል። ብዙ ቅሬታ የሚቀርበው በሽንኩርት ላይ ቢሆንም የቀይ ወጥን ህዳግ የሚወስነው የሥጋው ግዥ ነው።

የሥጋ አቅራቢዎች የሚወዳደሩት በኪሎ ዋጋ ሳይሆን ዋጋው ለቀሪ ምጣኔ ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ነው። አንዱ ሻጭ በ800 ብር የሚሸጠው ሥጋ 80 በመቶ ከቀረው፣ ሌላው ደግሞ በደንብ የተለየና 85 በመቶ የሚቀረው ሥጋ ካለው፣ የሁለተኛው ሥጋ እስከ 850 ብር ድረስ ቢገዛ አያከስርም። የወጣው አጥንት ወይም ትርፍራፊ ለመረቅ የሚውል ከሆነ ግምቱ ከሥጋው ወጪ ተቀንሶ በሌላው ምግብ ላይ ይመዘገባል።

ሰንጠረዡ መሳሳቱ የሚታወቀው እንዴት ነው

ማታ ላይ ከድስቱ ይጠበቅ የነበረው የድርሻ ብዛት ከተሸጠው ጋር ይነጻጸራል። ጉድለቱ በየቀኑ ተመሳሳይ ከሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ጭልፋው ነው፤ 200 ግራም ሊይዝ የታሰበው ጭልፋ ሞልቶ 230 ግራም ቢሆን ድስቱ 39 ሰው ብቻ ያበላል፣ የወጡም ወጪ ወደ 160 ብር ያሻቅባል። ጉድለቱ ቀን እየቆጠረ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ምክንያቱ ያልተሸጠ ወጥ ሊሆን ይችላል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በ55ቱ ቀናት ዐቢይ ጾም የሥጋ ወጥ ፈላጊ ስለሚቀንስ የድስቱ መጠን አብሮ ካልቀነሰ ተርፎ የተጣለው ወጥ የተሸጠውን ያስወድደዋል። ከ42 ድርሻ 36ቱ ብቻ ቢሸጡ ወጪው 173 ብር ይደርሳል።

የሰንጠረዡ ወሰን

ቀሪ ምጣኔ በአንድ ጊዜ ምዘና አይወሰንም፤ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት ተመዝኖ አማካዩ ይወሰዳል፣ አብሳዩ ወይም የሥጋው አቅራቢ ሲለወጥም ይደገማል። የዋጋው ዓምድ ግን ከዚህም በፍጥነት ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ግብዓት ዋጋ ከምንዛሪው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዋጋ ከጎኑ የተመዘገበበት ቀን ሊጻፍ ይገባል። ክብደቱ ተመዝኖ የተወሰነ ሰንጠረዥ ዋጋው ሲለወጥ አንድ ዓምድ ብቻ በማደስ ያገለግላል፤ ክብደቱ በግምት የተጻፈ ግን ዋጋው በየቀኑ ቢታደስም ትክክለኛውን ወጪ አይሰጥም።