ስም ብቻ የሥራ መሪ አያደርግም
(ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ)

መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ብዙ የገበሬ ልጆች፣ አንዳንዴም ገበሬው ራሱ፣ የደመወዝ ሥራ ፍለጋ ከመንደር ይወጣሉ። አንዱ ወደ አበባ እርሻ፣ ሌላው ወደ ሸንኮራ አገዳ፣ ሌላው ወደ ሕንፃ ሥራ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ጀምበር ከጠለቀች በኋላም ሥራ አለ። ወሩ አልቆ ደመወዝ ሲቀበሉ ግን የማታው ሥራ አይታሰብም። ሲጠይቁ ከሚሰጣቸው መልስ አንዱ «አንተ እኮ ካቦ ነህ፤ ካቦ የሥራ መሪ ነው፤ የሥራ መሪ ትርፍ ሰዓት የለውም» የሚል ነው።

ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ነው። እስቲ ሁለቱን ለይተን እንመልከት።

ትርፍ ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ የሚታየው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። አዋጁ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አሠሪው አዝዞት ሠራተኛው ከመደበኛው የቀን ሰዓት በላይ ቢሠራ ትርፍ ሰዓት ይባላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛው ትእዛዝ ነው። ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ቢቆይ፣ ለምሳሌ መኪና እስኪመጣ መቀስ ሲስል ቢያመሽ፣ ይህ ትርፍ ሰዓት አይሆንም። ስለዚህ «ማን ቆይ አለኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሰዓት አደላደል ነው። አሠሪው የአንዱን ቀን ሥራ አሳጥሮ የተረፈውን ሰዓት ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈል ይችላል። ሆኖም በአንድ ቀን ላይ ከ2 ሰዓት በላይ መጨመር አይችልም። ለምሳሌ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 9 ሰዓት ተሠርቶ ቅዳሜ 3 ሰዓት ብቻ ቢሠራ፣ ድምሩ ያው 48 ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ዘጠነኛዋ ሰዓት ትርፍ ሰዓት አይደለችም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን የሚሠራ ከሆነ ግን ዘጠነኛዋ ሰዓት ትርፍ ናት።

አሠሪው ትርፍ ሰዓት ማሠራት የሚችለውም እንደፈለገው አይደለም። አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ ነው። እንዲህም ሆኖ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም።

የሥራ መሪ ማን ነው?

አዋጁ የሥራ መሪን አይመለከትም። ይህ እውነተኛው ግማሽ ነው። የሥራ መሪ የሆነ ሰው በዚህ አዋጅ ትርፍ ሰዓት መጠየቅ አይችልም። የእሱ ጉዳይ በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል።

ታዲያ ሕጉ የሥራ መሪ የሚለው ማንን ነው? በሕግ ወይም በአሠሪው ውክልና የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠውን ነው። እንዲሁም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የመቀነስ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ያለውን ነው። በአመራር ጉዳይ ላይ አሠሪው ምን እርምጃ መውሰድ እንዳለበት በራሱ ውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ባለሙያም ይጨመራል።

እንግዲህ ሕጉ የሚለካው በሥልጣን ነው። ካቦ፣ ተቆጣጣሪ፣ ሱፐርቫይዘር፣ የቡድን መሪ የሚሉት ስሞች ብቻቸውን የሚለውጡት ነገር የለም። ውሻውን አንበሳ ብሎ የሰየመ ገበሬ ሞልቷል፤ ውሻው ግን አንበሳ አልሆነም።

በምሳሌ እንየው

አንድ ሰው በአበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ ቆራጭ ሆኖ ተቀጠረ እንበል። ከዓመት በኋላ ካቦ ተባለ። ደመወዙም በወር 4,160 ብር ሆነ። በሥሩ 20 ቆራጮች አሉ። ጠዋት የመጡትን ይቆጥራል፣ ማን የትኛውን መደብ እንደሚቆርጥ ይናገራል፣ ማታ የተቆረጠውን ዘለላ ጽፎ ለእርሻው ኃላፊ ይሰጣል። ጥር ላይ ወደ አውሮፓ የሚላከው ጽጌረዳ ሲበዛ እያመሸ ይሠራል። ትርፍ ሰዓት ሲጠይቅ «የሥራ መሪ ነህ» ተባለ።

አሠሪው የሚይዘው «መመደብ» የሚለውን ቃል ነው። «ይኸው ሠራተኞችን ይመድባል» ይላል። ስለዚህ ጠለቅ ብለን እንጠይቅ። ይህ ካቦ ሰው መቅጠር ይችላል? አይችልም፤ የሚቀጥረው ጽሕፈት ቤቱ ነው። አንድ ቆራጭ ቢያጠፋ ማገድ ወይም ማሰናበት ይችላል? አይችልም፤ ለኃላፊው ይነግራል፤ የሚወስነው ኃላፊው ነው። የትኛው መደብ ዛሬ ይቆረጥ የሚለውንስ ማን ይወስናል? እሱንም ኃላፊው ነው፤ ካቦው የታዘዘውን ለሠራተኛው ያደርሳል። የተሰጠውን ትእዛዝ ማስተላለፍ ሠራተኛ የመመደብ ሥልጣን አይደለም። በዚህ ምሳሌ ካቦው ሠራተኛ ነው፤ ትርፍ ሰዓትም ይገባዋል።

ነገሩ እንዲህ ቢሆን ግን መልሱ ይለወጥ ነበር፦ ካቦው ራሱ ፈርሞ የሚቀጥር፣ ሠራተኛን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በራሱ ውሳኔ የሚያዛውር፣ የሚያሰናብት ቢሆን ኖሮ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም የሥራ መሪ ይባላል። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው ይወስናል ወይስ ለሚወስነው ይነግራል?

«ትርፍ ሰዓት አይከፈልህም» የሚል ውል ፈርሞ ቢሆንስ? የሥራ ውል ሕጉ ለሠራተኛው ከሰጠው ያነሰ መብት መስጠት አይችልም። ስለዚህ ሠራተኛ እስከሆነ ድረስ ይህ ፊርማ መብቱን አያስቀርበትም።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ዋጋ ይፈለጋል። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ 2,496 ይሆናል። ይህ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ነው። የካቦው 4,160 ብር ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋው 20 ብር ሆነ። በቀን ሂሳብ የሚከፈለው ሠራተኛ ደግሞ የቀን ዋጋውን ለ8 ያካፍላል።

ቀጥሎ ሰዓቱ መቼ እንደተሠራ ይታያል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ የሰዓቱ ዋጋ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75 ይባዛል። በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በ2.5 ይባዛል።

ካቦው መደበኛ ሥራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው፤ የምሳው አንድ ሰዓት አይቆጠርም። በአንድ የጥር ሳምንት የሠራው ትርፍ ሰዓት ይህን ይመስላል፦

ሰኞና ማክሰኞ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሠራ። ይህ በየቀኑ 3 ሰዓት፣ በድምሩ 6 ሰዓት ነው። 20 በ1.5 ሲባዛ 30 ብር፤ ለ6 ሰዓት 180 ብር።

ዓርብ ለጭነት ተጠርቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሠራ። የመጀመሪያዋ ሰዓት 30 ብር ናት። ሁለተኛዋ ከ4 ሰዓት ስላለፈች በ1.75 ተባዝታ 35 ብር ትሆናለች። ድምሩ 65 ብር።

እሑድ የዕረፍት ቀኑ ነው፤ 4 ሰዓት ሠራ። 20 በ2 ሲባዛ 40 ብር፤ ለ4 ሰዓት 160 ብር።

180፣ 65 እና 160 ሲደመሩ 405 ብር ይሆናሉ። ይህ የአንድ ሳምንት ትርፍ ሰዓት ብቻ ነው። ከደመወዙ ጋር በዚያው በደመወዝ ቀን መከፈል ነበረበት።

ምን መያዝ፣ እስከ መቼ መጠየቅ?

ትርፍ ሰዓት መታዘዙንና እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራውን ሰዓት መዝግቦ የመያዝ ግዴታ የአሠሪው ነው። መዝገቡ ግን የተጓደለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛውም በራሱ ደብተር ይጻፍ፦ ቀኑን፣ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት፣ ማን እንዳዘዘው፣ አብሮት የነበረውን ሰው። የሚጻፈው ሥራው በተሠራበት ዕለት ነው። በወሩ መጨረሻ ከትዝታ የሚጻፍ እምነት ያጣል። ካቦ የሆነ ሰው «ይህን ሠራተኛ ልቅጠረው?» «ይህን ላሰናብተው?» ብሎ ኃላፊውን የጠየቀበት ወረቀት ካለው ያስቀምጠው። የመወሰን ሥልጣን እንዳልነበረው የሚያሳየው እሱ ነው።

በደመወዝ መዝገብ ላይ ፈርሞ የጎደለውን ገንዘብ የተቀበለ ሰው «አንዴ ፈርሜያለሁ፣ አለቀልኝ» ይላል። አላለቀለትም። ሠራተኛው ሳይቃወም መቀበሉ ቀሪውን መብቱን እንደተወ አያስቆጥርም።

የሚያልቀው በጊዜ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ካለበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። የጥሩ ክፍያ ጥር 30 ቀን መከፈል ከነበረበት፣ የሚጠየቀው እስከ ሐምሌ 30 ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለኃላፊው በቃል መናገር፣ ኃላፊውም «እናየዋለን» ማለቱ ጊዜውን አያቆመውም። ጊዜውን የሚያቆመው ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው፤ ወይም አሠሪው ዕዳው እንዳለበት በጽሑፍ ማመኑ ነው። ክሱ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ጥያቄዎች

1. አንድ የዘበኞች ኃላፊ ተረኛ ዘበኞችን በየማታው ስም ይጠራል፤ የቀረውን ለሥራ አስኪያጁ ያስታውቃል። የሥራ መሪ ነው ወይስ ሠራተኛ? ለምን?

2. በወር 3,120 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ በሕዝብ በዓል ቀን 4 ሰዓት ሠራች። ስንት ብር ይገባታል? (መልስ፦ የሰዓቱ ዋጋ 15 ብር ነው። በ2.5 ሲባዛ 37.50 ብር። ለ4 ሰዓት 150 ብር።)

3. የመስከረም ትርፍ ሰዓት መስከረም 30 ቀን መከፈል ነበረበት። እስከ መቼ መጠየቅ ይቻላል?