ጂንካ ላይ የኩሊንግ ታወር ፓምፕ ሲመረጥ

የፓምፕ ስሌት ብዙ ጊዜ የሚሠራው የአየር ግፊትን እንደ ባሕር ጠለል 10.3 ሜትር የውኃ ከፍታ አድርጎ ነው። ጂንካ ግን 1,490 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚያ የሚገኘው 8.6 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ኦሞ ኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች ቆላ ሲወረድ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 7.8 ይቀንሳል። ውኃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ይህ ግፊት ነው።

መጀመሪያ ፍሰቱን ያስሉ። ለምሳሌ 350 ኪሎዋት የሚያቀዘቅዝ ቺለር፣ የኮምፕረሰሩ ሙቀት ሲጨመርበት፣ 435 ኪሎዋት ያህል ወደ ታወሩ ይልካል። ውኃው ኮንደንሰሩ ውስጥ በ5 ዲግሪ እንዲሞቅ ከተፈለገ በሰዓት 75 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሄዱን ይደምሩ። ከከፍታ የሚቆጠረው ከታወሩ ገንዳ የውኃ ወለል እስከ መርጫው ያለው ብቻ ነው፤ የሕንፃው ቁመት አይገባም። መርጫው 3 ሜትር ከፍ ቢል፣ ቧንቧና ማጣሪያ 6፣ ኮንደንሰሩ 6፣ መርጫው ራሱ 3 ሜትር ቢወስዱ፣ ድምሩ 18 ነው። እዚህ ላይ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ብዙ ሜትር መጨመር ይጎዳል። እውነተኛው ሄድ ካነሰ ፓምፑ ከታሰበው በላይ ውኃ ይገፋል፤ ፍሰቱ ሲጨምር ደግሞ የሚፈልገው ኤንፒኤስኤች አብሮ ያድጋል።

አሁን ኤንፒኤስኤችን ይፈትሹ። በካታሎጉ ላይ ፓምፑ በዚህ ፍሰት 3 ሜትር ይፈልጋል እንበል። የገንዳው ውኃ ከፓምፑ በ1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ መሳቢያ ቧንቧና ንጹሕ ማጣሪያው 1 ሜትር ወስደው፣ የ32 ዲግሪ ውኃ የእንፋሎት ግፊት 0.5 ሜትር ሲቀነስ፦

8.6 + 1 − 1 − 0.5 = 8.1 ሜትር

ይህ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ቦታ ጠቦ ኮንደንሰሩ ከፓምፑ በፊት ቢገባ 6 ሜትሩ ከመሳቢያው በኩል ይቀነሳል፤ ውኃውም ሞቆ ስለሚደርስ የእንፋሎቱ ግፊት 0.6 ይሆናል፦

8.6 + 1 − 1 − 6 − 0.6 = 2.0 ሜትር

ፓምፑ 3 ስለሚፈልግ ይህ አይሠራም። ባሕር ጠለል ላይ ያው አቀማመጥ 3.7 ይሰጥ ነበርና በጭንቅ ያልፋል፤ ከሌላ አገር የመጣ ንድፍ እዚህ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ታወሩና ፓምፑ በአንድ ደረጃ ሲቀመጡ ኮንደንሰሩ ሁልጊዜ ከፓምፑ በኋላ ይግባ። ካለውና ከሚፈለገው መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ትርፍ ይተዉ፤ አቧራና ቅጠል ማጣሪያውን ሲደፍኑት መጀመሪያ የሚበላው ይህ ትርፍ ነው።

ሥራ ላይ ካቪቴሽን ሲነሳ ፓምፑ ጠጠር እንደዋጠ ይንኳኳል፣ የመውጫው ጌጅም ይንቀጠቀጣል። የመውጫውን ቫልቭ በጥቂቱ ዘጋ ያድርጉት። ድምፁ ከቀነሰ ችግሩ መሳቢያው በኩል ሳይሆን አይቀርም፤ ማጣሪያውን ያጽዱ። ካልተለወጠ ኩሽኔታውን ይመልከቱ። ገንዳው ውስጥ ውኃው እየተሽከረከረ አየር የሚስብ ከሆነ ግን የውኃው መጠን ዝቅ ብሏልና የመሙያውን ተንሳፋፊ ያስተካክሉ።

ለዚህ ሥራ 7.5 ኪሎዋት ሞተር ይበቃል። ሲያዝዙ ግን የጂንካን ከፍታ በጽሑፍ ይግለጹ፤ የሞተር አቅም በመደበኛነት የሚገለጸው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው።