እርቅ ስታወርዱ ወረቀቱን አንብቡ



የዛሬው ትምህርታችን ስለ እርቅ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ የምትኖሩ ገበሬዎች ሽማግሌ እንዴት እንደሚቀመጥ ከልጅነታችሁ ጀምሮ አይታችኋል። ስለዚህ ሽማግሌ ምን እንደሆነ አናስተምራችሁም። የምንጠይቃችሁ ግን አንድ ጥያቄ አለ። ጉልበት ተስሞ፣ እንጀራ አብሮ ተቆርሶ የወረደ እርቅ አንዳንዴ ዓመት ሳይሞላው የሚፈርሰው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰዎቹ የምሳሌ ሰዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን እንግዳ አይሆንባችሁም።

ሁለት ወንድማማቾች

ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ተካፍለው ጎን ለጎን ያርሳሉ። ታላቁ በሐምሌ ወር ማሳው ላይ ዲከረንስ ተከለ። ዲከረንስ በአዊ ምድር ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ተዘርቶበት ስለነበር ማንም ቅር አላለውም። ዛፉ ግን ፈጣን ነው። በሁለተኛው ዓመት ጥላው ድንበር ተሻግሮ በታናሹ ድንች ላይ ወደቀ። በድንበሩ አጠገብ ያለው ድንች ግንዱ ቀጥኖ ረዘመ፤ ሲቆፈር ፍሬው ትንንሽ ሆነ። ከጥላው ራቅ ያለው ግን ደህና ነበር።

ታናሹ ተናገረ፣ ሰሚ አጣ። አንድ ቀን ማለዳ ተነሥቶ 30 ዛፍ ነቀለ። ወንድማማቾቹ ተኳረፉ፤ ለቅሶ እንኳ ተለያይተው ይቀመጡ ጀመር።

የመጀመሪያው እርቅ

ሽማግሌዎች በጥቅምት ወር ተቀመጡ። ታላቁ ሁለት መረጠ፣ ታናሹ ሁለት መረጠ፣ አምስተኛው የመሐል ሰው ሆነ። ሁለቱንም በየተራ ሰሙ። «ዛፉ ከድንበሩ ይራቅ። ታናሹም ስለነቀለው ዛፍ ካሳ እንዲሆን፣ በእሱ በኩል ያለውን የድንበር ሣር ታላቁ 3 ዓመት ይጨድ» ብለው ወሰኑ። ታናሹ የታላቁን ጉልበት ሳመ። ጠላ ተጠጣ፤ ሁሉም ተመርቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

በተከታዩ ክረምት ነገሩ እንደገና ተነሣ። ታላቁ 2 እርምጃ ያህል ነቅሎ «ይኸው አራቅሁ» አለ። ታናሹ «መራቅ ማለት 6 እርምጃ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ተጠየቁ። አንዱ እንዲህ ነው አለ፣ ሌላው እንዲያ ነው አለ። በዚህ ላይ የታናሹ ሚስት ተናገረች። «ያ ሣር የላሜ መኖ ነው። የመሬቱ ደብተር ላይ የእኔም ስም አለ። ሣሩን ስትሰጡ ማን ጠየቀኝ?» አለች።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ሽማግሌዎቹ አላደሉም፤ ወንድማማቾቹም አልዋሹም። ታዲያ እርቁ ለምን ፈረሰ? ሦስት ነገር ጎደለው። አንደኛ፣ «ይራቅ» የሚለው ቃል ልክ አልተሰጠውም። ሁለተኛ፣ ባለመብት የሆነችው ሚስት አልተጠራችም። ሦስተኛ፣ አልተጻፈም።

ሁለተኛው እርቅ

ታላቁ በወረዳው ፍርድ ቤት የዛፍ ዋጋ ብሎ ከሰሰ። ብዙ ሰው «ክስ ከተከፈተ ሽማግሌ አበቃለት» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ከቁጥር 274 እስከ 277 ድረስ ስለ እርቅ ይናገራል። ተከራካሪዎች ክሱ ከተጀመረ በኋላም መታረቅ ይችላሉ። ስምምነቱን ጽፈውና ፈርመው ለፍርድ ቤቱ ካቀረቡ፣ ከሕግና ከመልካም ጠባይ ጋር የማይጋጭ ከሆነ ዳኛው ሊያጸድቀው ይችላል። ያን ጊዜ የሽማግሌ ቃል የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጉልበት ያገኛል። አንዱ ወገን ቢያፈርሰው ሌላው ይፈጸምልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል።

ወንድማማቾቹ ይህንን ሰምተው ቀጠሮ ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ሽማግሌዎቹ እንደገና ሲቀመጡ ሥራውን በዚህ መልክ አካሄዱት።

መጀመሪያ ሁለቱን ሚስቶች ጠሩ፤ እነሱንም እንደ ባሎቻቸው ሰሙ። ቀጥሎ ወደ ማሳው ሄዱ። የይዞታ ደብተሮቹን ይዘው፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባል ባለበት ድንበሩን አዩ። ድንበሩ አልተነካም። እንግዲያው ጠቡ የዛፍ ጠብ እንጂ የድንበር ጠብ እንዳልሆነ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ይህን መለየት ትልቅ ነገር ነው። የዛፍ ጠብ በካሳና በርቀት ያልቃል። ድንበር የሚያዛውር እርቅ ግን በደብተርና በመዝገብ ካለው ጋር ሊጋጭ ስለሚችል በሽማግሌ ቃል ብቻ አይቋጭም።

ከዚያ ርቀቱን በገመድ ለኩ። ከድንበሩ ድንጋይ ጀምሮ 6 ሜትር ከዛፍ ነጻ እንዲሆን ተስማሙ፤ ጫፉ ላይ ችካል ተከሉ። ታላቁ በዚያ ውስጥ ያለውን ዛፍ እስከ ጥር 30 ቀን ሊያነሣ ቃል ገባ። ታናሹ ደግሞ በሣሩ ፈንታ 30 ችግኝ ገዝቶ በሐምሌ ሊሰጥ ቃል ገባ። የላሚቱ መኖ ለባለቤቷ ቀረ። ከየወገኑ አንድ አንድ ዋስ ተጠራ።

ወረቀቱ እንዴት ይጻፋል?

ሽማግሌዎቹ የተናገሩት በአውኚ ነበር፤ ወረቀቱ ግን የተጻፈው በአማርኛ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በአንድ ቋንቋ የተነገረ ቃል በሌላ ቋንቋ ሲጻፍ ሊጠፋ ወይም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ጸሐፊው ሲጨርስ ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ከዚያም በአውኚ ይተርጎም። እናንተም ራሳችሁ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ፈደል የቆጠራችሁት ለዚህ ለዚህ ነው።

ስታነቡ የሚከተሉትን ፈልጉ፦

1. የፍርድ ቤቱ ስምና የመዝገቡ ቁጥር፤ ክስ ካለ።
2. የታራቂዎቹ ሙሉ ስምና አድራሻ። ነገሩ የባልና የሚስት ከሆነ የሁለቱም።
3. ጠቡ በምን ላይ እንደነበር።
4. ማን፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ ድረስ እንደሚፈጽም።
5. የታራቂዎቹና ቢያንስ የሁለት ምስክሮች ፊርማ።

አራተኛውን ደጋግማችሁ እዩ። «እንደ አቅሙ ይካስ» ወይም «ወደፊት ይነሣ» የሚል ቃል ካገኛችሁ አትፈርሙ። «30 ችግኝ፣ በሐምሌ» የሚል ቃል ግን ለክርክር በር አይከፍትም።

ስለ ጣት አሻራም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን በቁጥር 1728 እንዲህ ይላል። ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያሳረፈው የጣት አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ የተረጋገጠ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከታራቂዎቹ አንዱ ገና ያልተማረ ከሆነ፣ አሻራውን ዛፍ ሥር አሳርፎ መለያየት አይበቃም። ይህን ካላደረጋችሁ ነገ «አላውቀውም» ሲል የምትመልሱለት ነገር ታጣላችሁ።

ሽማግሌ የማይጨርሰው ነገር

ሁሉም ጠብ በእርቅ አያልቅም። ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። ፍርድ ቤትም ፍቺ የጠየቁትን ሰዎች ሽማግሌ እንዲያነጋግራቸው ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ጋብቻውን አፍርሶ «ተፋታችኋል» ማለት የሚችለው ግን ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በድሮው ሕግ ፍቺ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይወሰን ነበር፤ አሁን እንዲያ አይደለም። በሽማግሌ ቃል ብቻ ተለያይታ ንብረት ሳትካፈል የሄደች ሴት በሕግ ፊት ገና ባለትዳር ናት።

ከባድ ወንጀልም እንዲሁ ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሁለቱ ቤተሰቦች በበቀል እንዳይተላለቁ ነው። ይህ ሕይወት ያድናል፤ ዳኛውን ግን አይተካም። ልጃገረድ ጠልፎ ሽማግሌ መላክም ወንጀሉን አያጥበውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 587፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በኋላ ቢያገባት እንኳ ከቅጣት እንደማያድነው ይደነግጋል። እንዲህ ላለ ነገር «እንታረቅ፣ በቤታችን ይለቅ» የሚል ሽማግሌ ቢመጣ፣ ልጅቱ ሳትሰማ አትቀመጡ፤ ነገሩንም ለፖሊስ አሳውቁ።

እርቅ የተበላሸ መሆኑን የምታውቁበት ምልክትም አለ። አንዱ ወገን አንገቱን ደፍቶ ዝም ካለ፣ ወይም «እናንተ ካላችሁ እሺ» ብቻ ካለ፣ ገና አልታረቀም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ የአንዱ ዘመድ ወይም ባለዕዳ ከሆኑም ችግር አለ። ያን ጊዜ ሽማግሌ ይለወጥ ማለት ነውር አይደለም። ካልሆነም የፍርድ ቤት በር ክፍት ነው።

ወንድማማቾቹስ? የጻፉትን ለፍርድ ቤቱ አቀረቡ፤ ዳኛው አንብቦ ሁለቱንም ጠየቀና መዝገቡን በእርቁ መሠረት ዘጋ። በጥር ወር ታላቁ ዛፉን ሲያነሣ፣ ታናሹ መጥረቢያ ይዞ ሳይጠራ መጣና አብሮት ቆረጠ። የታናሹ ሚስት ለሁለቱም ቁርስ ይዛ መጣች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመጀመሪያው እርቅ ምን ምን ጎደለው? ከመጽሔቱ ሳታዩ ሦስቱንም ተናገሩ።
2. በቀበሌያችሁ «የድንበር ጠብ» የተባለ ነገር በእውነት የድንበር ነበር ወይስ የዛፍ፣ የውኃ ወይም የመንገድ?
3. ከዚህ በታች ያለውን ዓረፍተ ነገር ልክ፣ ቀንና ስም ጨምራችሁ በደብተራችሁ ላይ አስተካክላችሁ ጻፉ፦ «ጎረቤቱ ከብቱ ላጠፋው ገብስ እንደሚገባው ይካስ።»