አጭር መልስ፣ ያልተዛባ ታሪክ

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የታሪክ ፈተና በእንግሊዝኛ ስጽፍ ዓረፍተ ነገሬ ይረዝምና መጨረሻው ይጠፋብኛል። ሳሳጥረው ደግሞ ሐሳቡ ይዛባል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ዓረፍተ ነገሩ የሚረዝመው ድርጊቱን፣ ጊዜውንና ምክንያቱን በአንድ ትንፋሽ ለመናገር ስለሚሞክሩ ነው፤ ለየብቻ ያስቀምጧቸው። «የወልወል ግጭት ጦርነቱን አመጣ» ቢሉ አጭር ነው፤ ግን ያሳስታል፤ ሙሶሊኒ ወረራውን ቀድሞ ሲያስብበት ነበርና። ይልቁንስ፦ «እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1934 ወልወል ላይ ግጭት ተነሣ። ሙሶሊኒ ግጭቱን ሰበብ አደረገው። በኦክቶበር 1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች።» እዚህ ላይ ልዩነቱን የሚሸከመው ርዝመቱ ሳይሆን የመካከለኛው ዓረፍተ ነገር ግስ ነው፤ እንዲህ ያሉትን ጥቂት ግሶች በእንግሊዝኛ ቀድመው ይያዙ። የተቆራረጠ ጽሑፍ የጀማሪ አይመስልም ወይ ይሉ ይሆናል። የዓረፍተ ነገሮቹ ዝምድና ካልተነገረ፣ አዎን፣ ይመስላል። ሰበቡን ከምክንያቱ መለየት ራሱ ካስቸገረዎት ግን ጉዳዩ የቋንቋ አይደለምና መልስዎን ለታሪክ መምህርዎ ያሳዩ።